ጭረት ፊደል ሲመስል

በ ከቀኝ እግሩ መሀል አጭር ሰረዝ ሲወጣለት ቡ ይሆናል። ያው ሰረዝ ወደ እግሩ ጫፍ ሲወርድ ቢ፣ ጫፉ ላይ ቀለበት ሲሆን ቤ፣ ወደ ግራ ጎን ሲሻገር ደግሞ ብ ይባላል። የግራ እግሩ ሲያጥር ባ፣ የቀኙ ሲያጥር ቦ ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ፊደላት የሚለያዩት የፊደሉን ቁመት ስምንተኛ በምታህል ቅጥያ ወይም በእግር ማጠር ነው። በሱቅ በር ላይ በተሰቀለ ታፔላ ይህን ልዩነት ከመንገድ ማዶ ሆኖ ማየት ይቻላል። ታፔላው በፎቶ ተነሥቶ፣ ፎቶው ለሃምሳና ለስልሳ ዓመት በመሳቢያ ውስጥ ሲቆይ ግን ቅጥያዋ ከአንዲት የአቧራ ቅንጣት ወይም ከአንዲት ጭረት የማትለይበት ጊዜ ይመጣል። «ቡና ቤት» የሚለው ጽሑፍ የቤ ቀለበት ከጠፋበት «ቡና በት» ሆኖ ይነበባል። ይህን ስሕተት ሁሉም ስለሚያየው አያሳስብም። የሚያሳስበው ስሕተቱ ትርጉም ያለው ሌላ ቃል ወይም ሌላ ሰው ስም ሲሆን ነው፤ ያኔ ማንም አይጠረጥረውም።

ይህ ምዕራፍ በአንድ ሥራ ላይ ብቻ ያተኩራል፤ በአሮጌ ፎቶ ውስጥ ያለን የታፔላ ጽሑፍ በኮምፒውተር ስንጠግን ያልነበረ ፊደል እንዳንጨምር ምን ማድረግ እንዳለብን። የሰው ፊት ወይም ልብስ ሲጠገን ጥቂት መሳሳት ይቻላል፤ ጉንጭ ላይ የነበረች ጭረት በአካባቢው ቀለም ብትሸፈን ሰውየው ያው ሰው ነው። ጽሑፍ ላይ ግን ግማሽ ስሕተት የለም። ፊደሉ ወይ ያ ነው ወይ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ሱቁ ፈርሶ ታፔላውም ጠፍቶ ስለሚሆን ለስሙ የቀረው ምስክር ፎቶው ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ፎቶ እናስብ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ወርዱ 9፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር። በአንድ የልብስ ስፌት ሱቅ በር ላይ ሰዎች ቆመዋል፤ ከራሳቸው በላይ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ ታፔላ አለ። በፎቶው ላይ የፊደሉ ቁመት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከላይ በኩል ረጅም ነጭ ጭረት ያልፍበታል፤ መሀሉ ላይ ሽፋኑ ተልጦ ወረቀቱ ይታያል፤ ታችኛው መስመር ደብዝዟል። በዓይን የሚነበበው «ተስፋ»፣ ከዚያ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ «ልብስ ስፌት»፣ ከሥሩ ደግሞ «ፖ.ሣ.ቁ.» እና አንድ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ነው።

ጥገናው የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው ስካን ሲደረግ ነው። በተለመደው 300 ፒክስል በኢንች ስካን ከተደረገ ያ 2 ሚሊ ሜትር ፊደል የሚያገኘው 24 ፒክስል ያህል ቁመት ነው፤ ቅጥያዋ ደግሞ 3 ፒክስል ትሆናለች። በሦስት ፒክስል ሰረዝን ከቀለበት መለየት አይቻልም። በ1200 ሲሆን ፊደሉ ወደ 94፣ ቅጥያዋ ወደ 12 ፒክስል ይደርሳሉ፤ ይህ ለመመርመር ይበቃል። ከዚያ በላይ መውጣት ብዙ ጊዜ ትርፍ የለውም፤ ሌንሱ ያልያዘውን ዝርዝር ስካነር አይፈጥረውም፣ የሚያጎላው የወረቀቱን ቃጫ ነው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም፣ በ16 ቢት፣ በTIFF ይቀመጥ። ፋይሉ 145 ሜጋባይት ያህል ቢሆን አይደንግጣችሁ። JPEG ምስሉን ስምንት በስምንት ፒክስል በሆኑ ሳጥኖች እየከፋፈለ ስለሚያምቅ በፊደል ጠርዝ ላይ ያልነበሩ ነጠብጣቦችን ይተዋል፤ እኛ የምንመረምረው ደግሞ ያንኑ ጠርዝ ነው። ስካነሩ በራሱ አቧራ እንዲያጠፋ ወይም ምስል እንዲያጠራ የሚያዙት ምርጫዎችም ሁሉ ይዘጉ።

ቀጥሎ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያደርገው፣ ግን እጅግ የሚጠቅም ነገር አለ። ፎቶውን አንዴ ስካን ካደረጋችሁ በኋላ መስታወቱ ላይ ግማሽ ዙር አዙሩና እንደገና ስካን አድርጉ። ሁለተኛውን ምስል በኮምፒውተር መልሳችሁ አቅኑትና ከመጀመሪያው ጋር አነባብሩት። የስካነሩ መብራት ከአንድ ወገን ስለሚመጣ፣ በወረቀቱ ላይ የተቦረቦረ ጭረት አንዱ ጠርዙ ይበራል፣ ሌላው ይጠቁራል። ወረቀቱ ሲዞር ይህ ብርሃንና ጥላ ቦታ ይለዋወጣል። በምስሉ ውስጥ ያለ ፊደል ግን ጉድጓድ ስለሌለው በሁለቱም ስካን ያው ነው። በእኛ ፎቶ በመጀመሪያው ፊደል ራስ ላይ አግድም መስመር ይታያል። መስመሩ የታፔላው ከሆነ ፊደሉ ቸ ነው፤ ጭረት ከሆነ ተ። «ቸስፋ» የሚባል ስም ስለማናውቅ ተ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ መልሱም ትክክል ይሆን ነበር። ነገር ግን ስሙ እንግዳ ቢሆን፣ ወይም በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የውጭ ቃል ቢሆን፣ ይህ አካሄድ አይረዳንም። ጥላው ሲገለበጥ ካየን ግን ስሙን ባናውቀውም መስመሩ ጭረት መሆኑን እናውቃለን።

ይህ ምርመራ የማይደርስበት አንድ ዓይነት ጭረት አለ። ፎቶው በታጠበ ጊዜ ኔጋቲቩ ተጭሮ ከነበረ ጭረቱ የምስሉ አካል ሆኖ ታትሟል፤ ወረቀቱ ለስላሳ ነው፣ ጥላም የለው። እዚህ ላይ የጭረቱን ቀለም መመልከት ይረዳል። የወረቀቱ ሽፋን ሲጫር ነጩ ወረቀት ስለሚገለጥ መስመሩ ነጭ ይሆናል። የኔጋቲቩ ሽፋን ሲጫር ግን በዚያ ቦታ ብርሃን ስለሚያልፍ በፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል። ኔጋቲቩ ላይ የተቀመጠ አቧራ ደግሞ ብርሃን ስለሚከለክል ነጭ ነጥብ ይተዋል። ስለዚህ ነጭ ጽሑፍ ባለው ጥቁር ታፔላ ላይ ፊደል መስለው የሚያታልሉት የወረቀቱ ጭረትና የኔጋቲቩ አቧራ ናቸው፤ ጥቁር ጽሑፍ ባለው ነጭ ታፔላ ላይ ደግሞ የኔጋቲቩ ጭረት ነው። ጠጋኙ ከመጀመሩ በፊት የትኛው ጠላት እንደሚጠብቀው በዚህ ያውቃል።

የኔጋቲቭ ጭረትን የሚያጋልጠው ስለቱ ነው። በፎቶው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በካሜራው ሌንስ በኩል ስላለፈ ጠርዙ ጥቂት ይደበዝዛል፤ ታፔላው ከሩቅ ከተነሣ የበለጠ ይደበዝዛል። ጭረቱ ግን በካሜራው ሌንስ አላለፈም። በትልቁ አጉልታችሁ ስታዩ አጠገቡ ካለው የፊደል ጠርዝ ይልቅ የተሳለ መስመር ካገኛችሁ መስመሩ ከታፔላው ላይ አይደለም። በተጨማሪ ጭረት የፊደል ድንበር አያከብርም፤ ከፊደሉ አልፎ ወደ ሰሌዳው ባዶ ቦታ፣ አንዳንዴም ወደ ግድግዳው ይቀጥላል። የብሩሽ መስመር ሲጀምርና ሲያበቃ ይወፍራል ወይም ይሰላል፤ ጭረት ውፍረቱን ብዙም አይለውጥም።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ተቃራኒው ስሕተት ነው፤ የጽሑፉን አካል ቆሻሻ ነው ብሎ ማጥፋት። በድሮ ታፔላዎች ላይ ቃላትን የሚለዩት ሁለት ነጥቦች ነበሩ፤ በነጭ ቀለም ሲጻፉ ከአቧራ ነጥብ አይለዩም። አቧራና ጭረት በአንድ ጊዜ የሚያስወግደው የፎቶ ፕሮግራም ማጣሪያ ሁለት ነጥብ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ያጠፋዋል፣ የፊደል ቅጥያዎችንም አብሮ ይጠርጋል። «ገ/ማርያም»፣ «ወ/ሮ»፣ «ት/ቤት» ስንጽፍ የምንጠቀምበት እዝባር ጭረት ይመስላል። ከግዕዝ ቁጥሮች በላይና በታች ያሉት ሰረዞችም እንዲሁ ናቸው። ዐ በመሀሉ አግድም መስመር ካለው ፀ ነው፤ መስመሩን ጭረት ብሎ ያጸዳ ሰው ሌላ ፊደል ጽፏል። ስለዚህ ያንን ማጣሪያ በሰማዩና በግድግዳው ላይ እንደ ልብ ተጠቀሙበት፤ ታፔላውን ግን ቀድማችሁ በምርጫ መስመር ከልሉና ማጣሪያው እንዳይደርስበት አድርጉ።

ድብዘዛ ሌላ መድኃኒት አለው። የድሮ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉን የሚይዘው በብር ቅንጣቶች ነው፤ ብሩ ከአየር ባገኘው ድኝ ወይም በደንብ ባልታጠበ ኬሚካል ሲበላ ጥቁሩ ወደ ቡናማና ቢጫ ይቀየራል። ምስሉን በቀለም ስካን ያስደረግነው ለዚህ ነው። ቢጫ ነገር ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ለዓይን የጠፋ ቢጫማ ፊደል በሰማያዊው ቻነል ብቻ ሲታይ ጠቁሮ ይወጣል። ጽሑፉ ሳይሆን ወረቀቱ ከሆነ በሻይ ወይም በእርጥበት ቢጫ የሆነው፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀዩን ቻነል ስትመለከቱ እድፉ ይሳሳና ጽሑፉ ይቀራል። GIMP የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሦስቱን ቻነሎች Decompose በሚለው ትእዛዝ ይለያያቸዋል። ከዚያ በኋላ የብርሃንና የጥላውን ልዩነት በታፔላው ላይ ብቻ ቀስ እያሉ ማስፋት ነው። የማጥሪያ ትእዛዙን ግን አትቸኩሉበት፤ ሲበዛ በጠርዞች ዙሪያ ቀጭን የሐሰት መስመር ያበጃል፣ ይህም መስመር ቅጥያ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ምንም ቢደረግ የማይወጣ ጽሑፍም አለ። የጥንቶቹ የፎቶ ሰሌዳዎችና ፊልሞች ቀይ ብርሃን አያዩም ነበር። በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀይ የተጻፈ ቃል በእንዲህ ያለ ፊልም ሲነሣ ከሰሌዳው ጋር አንድ ጥቁር ይሆናል። ይህ መደብዘዝ አይደለም፤ ፎቶው በተነሣበት ቅጽበት አልተመዘገበም፤ ስለዚህ የሚጠገን ነገር የለም።

አሁን ወደ ተላጠው ቦታ እንመለስ። ከ«ተስፋ» በኋላ ሽፋኑ ስለሌለ የምናጎላው ምስል የለም፤ ቦታው ግን ይለካል። መጀመሪያ ታፔላው በሰያፍ ተነሥቶ ከሆነ በቅጂው ላይ ቀጥ ይደረግ፤ አለበለዚያ የራቁት ፊደላት ከቀረቡት ጠብበው ልኬቱ ያሳስታል። ከዚያ ደኅና ሆኖ የተረፈውን እንለካ። በ«ልብስ» እና በ«ስፌት» መካከል ሁለት ነጥብ ያረፈበት ክፍተት 60 ፒክስል ነው እንበል። የፊደላቱ ወርድ ከ75 እስከ 95፣ በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ደግሞ 15 ፒክስል ያህል ነው። ከፋ እስከ ል ያለው የተላጠ ቦታ 165 ፒክስል ነው። የቃል መለያውን 60 ስንቀንስ 105 ይተርፋል። አንድ ፊደል ከነክፍተቱ ከ90 እስከ 110 ይይዛል፤ ሁለት ፊደል ከ180 በታች አይበቃውም። ስለዚህ ስሙ «ተስፋ» ብቻ አልነበረም፤ «ተስፋሁን»ም ሊሆን አይችልም። አንድ ፊደል ጠፍቷል።

የትኛው ፊደል? አብዛኛው አንባቢ ወዲያው «ተስፋዬ» ይላል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። «ተስፋው» ግን ያው ቦታ ይበቃዋል፤ እሱም የሰው ስም ነው። ልኬቱ ከዚህ አያልፍም። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ከፎቶው ውጭ ያለ ማስረጃ ነው፤ በሌላ ሰው ካሜራ የተነሣ የዚያው መንገድ ፎቶ፣ የሱቁ ደረሰኝ፣ የንግድ ፈቃድ፣ በልብሱ ውስጥ የተሰፋ የሱቅ ምልክት። ቤተሰቡን መጠየቅም ይገባል፤ ግን አጠያየቁ ይወስነዋል። «ተስፋዬ ይባሉ ነበር አይደል?» ብለን አንዲትን እናት ብንጠይቃቸው አዎ ይሉናል። «የሱቁ ባለቤት ስም ማን ነበር?» ካልናቸው የሚመልሱልን የሚያስታውሱትን ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ልማድ እመክራለሁ። አጠራጣሪውን ፊደል ከጎረቤቶቹ ነጥላችሁ፣ ሌላው ሁሉ ተሸፍኖ፣ ቃሉን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። ቃሉን ያወቀ ዓይን የሚጠብቀውን ፊደል ያያል፤ የእናንተም ዓይን እንዲሁ ነው። በተጨማሪ የጸሐፊውን እጅ አጥኑ። በታፔላችን ላይ ስ ሦስት ጊዜ መጥታለች፤ በ«ተስፋ»፣ በ«ልብስ» እና በ«ስፌት»። ከሦስቱ አንዷ ደብዝዛ ሰ ትሁን ስ ካላወቅን፣ ሁለቱ ጤነኞች ያ ጸሐፊ ቅጥያዋን የት እንደሚያሳርፍ፣ ምን ያህል እንደሚያረዝማት ያሳዩናል። ከዚያ በደበዘዘችው ላይ በዚያው ስፍራ የቀረ የብርሃን ምልክት መኖሩን እንፈልጋለን። ጤነኛዋን ቀድቶ በደበዘዘችው ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ስናደርግ ማስረጃውን በግምታችን ሸፈንነው ማለት ነው። የፎቶ ፕሮግራሞች የመጠገኛ ብሩሽም ሳናውቀው ይህንኑ ያደርጋል፤ ቀዳዳውን የሚሞላው ከአካባቢው በወሰደው ምስል ስለሆነ የጎረቤቱን ፊደል ቅጥያ ቆርጦ ሊያመጣው ይችላል።

የቃሉን ትርጉም ማወቅ በአማርኛ ከሌላው ይልቅ ያነሰ የሚረዳበት አንድ ምክንያት አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ናቸው። በፀጉር አስተካካይ ታፔላ ላይ የመጀመሪያው ፊደል ቢጠፋ ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጸሐፊው ግን ጸ ይጻፍ ፀ አናውቅም። «መድኃኒት ቤት» በኃ፣ በሃ፣ በሐ ተጽፎ እናገኛለን። ሰዋስው አዋቂ ጠጋኝ ትክክለኛውን ፊደል ለማስቀመጥ እጁ ይበላዋል። ታፔላው ግን የሚነግረን ያ ጸሐፊ በዚያ ቀን የጻፈውን ነው፤ ስሕተቱም የታሪኩ ክፍል ነው፤ አንድ ሰው የፊደል አጻጻፍ እንዴት እንደተለወጠ ሊያጠና ቢመጣ የሚፈልገው እሱን ነው። በሌላው የታፔላው ክፍል ጸሐፊው ምን እንደመረጠ ካላየን፣ ድምፁን እናውቃለን፣ ፊደሉን ግን አናውቅም፤ እንደዚያም ብለን እንጽፋለን።

ቁጥር ላይ ደግሞ ትርጉም ጨርሶ አይረዳም። በታችኛው መስመር «1»፣ ከዚያ 3 ወይም 8 የሚመስል ነገር፣ ከዚያ «7» አለ። 137ም 187ም እኩል ትርጉም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ዳቪድ ክሪሰል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በዜሮክስ ማሽን ስካን የተደረገ የሕንፃ ፕላን ሲመለከት 21.11 ካሬ ሜትር የነበረ ክፍል 14.13 ሆኖ አገኘው። ማሽኑ ፋይሉን ለማሳነስ ተመሳሳይ የመሰሉትን ትናንሽ ቅርጾች በአንድ ቅርጽ ይተካ ነበር፤ በሌላ ሰነድ ላይም 6 የነበረው 8 ሆኖ ወጥቷል። ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ ሶፍትዌር አወጣ። ስሕተቱ ሳይታይ የቆየው ቁጥሮቹ ጥርት ብለው ስለወጡ ነው። ደብዛዛ ቁጥር አንባቢውን ይጠራጠር ዘንድ ያስገድደዋል፤ ጥርት ያለ የሐሰት ቁጥር አያስጠረጥርም። ስለዚህ የመካከለኛው አኃዝ ደብዝዞ ይቆይ።

የጥንት ድንጋይ ጽሑፍ የሚያነቡ ሊቃውንት ይህን ችግር ከእኛ በፊት አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በ1931 በሆላንድ ላይደን ከተማ የተስማሙባቸው ምልክቶች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። ጠፍቶ በአንባቢው የተሞላ ፊደል በማዕዘን ቅንፍ ይገባል፤ ጠፍቶ ቁጥሩ ብቻ የታወቀ ፊደል በቅንፉ ውስጥ በነጥብ ይተካል፤ በከፊል ታይቶ ያጠራጠረ ፊደል ከሥሩ ነጥብ ይደረግበታል። ለታፔላ ፎቶም ልክ ነው። በፎቶው ግርጌ የሚጻፈው ንባብ እንዲህ ይሆናል፤

ተስፋ[.]፡ልብስ፡ስፌት
ፖ.ሣ.ቁ. 13̣7

ከሥሩም «ከፋ ቀጥሎ አንድ ፊደል ተልጧል፤ ዬ ወይም ው ሊሆን ይችላል። መካከለኛው አኃዝ 3 ወይም 8» የሚል አንድ መስመር ይጨመራል።

በፋይሉ ውስጥ የመጀመሪያው ስካን ሳይነካ ከታች ይቀመጣል፤ የጸዳው ጭረት በራሱ ሌየር፣ የብርሃን ማስተካከያው በራሱ ሌየር ይሆናል። እኛ የሞላነው ፊደል ካለ ደግሞ ለብቻው ሌየር ይሰጠውና ከታፔላው ቀለም ትንሽ ግራጫ ይደረጋል፤ ከርቀት ሲያዩት ጽሑፉ ይነበባል፣ ጠጋ ሲሉ የትኛው አዲስ እንደሆነ ይታወቃል። ለቤተሰቡ ግድግዳ የሚታተመው ቅጂ ላይ ዬ እንዲሞላ ባለቤቶቹ ከፈለጉ መሙላት ይቻላል፤ ግን በቅጂው ጀርባ «ዬ በጥገና የተሞላ» ተብሎ ይጻፋል፤ ለቤተ መዛግብት ወይም ለመጽሐፍ የሚሰጠው ባዶውን የያዘው ይሆናል። ነገ የዚያ መንገድ ሌላ ፎቶ ተገኝቶ ፊደሉ ው ሆኖ ቢታይ፣ ያ ሌየር ብቻ ይወጣና በአዲሱ ይተካል፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ እንዳለ ይቆያል።